ስልሳ አንድ ነጥብ

ንፋስ መውጫ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የቀድሞው አለቃችን አቶ ቢሆነኝ በየዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ለሁላችንም ዘጠና ስድስት ይሰጡን ነበር። እኔንም «ጎበዝ ነህ፤ ፋይሎቹን ብቻ አየት አድርጋቸው» ይሉኛል። አየት አድርጌያቸው እወጣለሁ።

ዘንድሮ በእሳቸው ቦታ የተተኩት ወይዘሮ አዜብ ግን የመደርደሪያውን ፋይል ቆጥረው ስልሳ አንድ ሰጡኝ።

«ከአሥር ፋይል ሦስቱ ያለ ቦታው ነው። ማንም አልነገረህም?»

«ነግረውኝ ነበር መሰለኝ።»

እውነት ስለሆነ ፈረምኩ፤ ፋይሎቹንም አስተካከልኩ። ነገር ግን ባለቤቴ አራስ ልጃችንን ይዛ መካነ ኢየሱስ ከተማ ናት። ወደዚያ ለመዛወር ያስገባሁት ማመልከቻ ከነነጥቤ ሄደ። የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲደውሉ ወይዘሮ አዜብ አጠገብ ቆሜ የሁለቱንም ድምፅ እሰማ ነበር።

«ልጁ ምን ሰርቆ ነው?»

«ምንም። ፋይል ያለ ቦታው ያስቀምጥ ነበር።»

«ለዚህማ ሰማንያ ዘጠኝ ይበቃው ነበር! እኛ ስልሳ የሰጠነው ማኅተም ይዞ ለጠፋ ሰው ነው።»

«እናንተ ዘንድ ዘጠና ስድስት ያገኘውስ?»

«እሱ አንዳንድ ቀን ይመጣል።»

«እንግዲያው የእኔን ሰው ከእሱ ጋር አስተያዩት» አሉ ወይዘሮ አዜብ።

በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤዬ መጣ።