ለጸደንያ የተላከው ይቅርታ

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ምላሴ ይድረቅ! ሃምሳ ኩንታል ጤፋችንን የጫነው መኪና ከሞጣ ተነስቶ ቢቸና ሲደርስ ሰማዩ ተቀደደ፤ መንገዱም ዓይኔ እያየ ገደል ገባ።

አዲስ አበባ እንጀራ የምታከፋፍለው ደንበኛችን ጸደንያ «ሥራዬ ቆሟል፤ ዛሬ መልስ ካላገኘሁ ትዕዛዙን እሰርዛለሁ» ብላ ኢሜይል ላከች። ሌላ ትልቅ ደንበኛ የለንም፤ እሷ ከሄደች መጋዘኑ ተዘጋ ማለት ነው። ሸሪኬ ዘይዳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እኔም ቆሜ አስጻፍኳት፦ ጎርፉን፣ ናዳውን፣ ጆንያ ተሸክሜ ወንዝ መሻገሬን! ጸደንያ እያለቀሰች መሆን አለበት፣ ወዲያው «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብላ መለሰች።

ይህን ለጎረቤቶቻችን ሳወራ ዘይዳ ከሚዛኑ ቀና ሳትል ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጋሼ ዘመነ፣ እርስዎ ካሉት አንዱንም አልጻፍኩም። ‹ይቅርታ እንጠይቃለን። መኪና በጊዜ ሳንይዝ ቀርተን ነው የዘገየነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሥራዎ እንዳይቆም አሥር ኩንታል ዛሬ ይጫናል፤ ቀሪው ሐሙስ ጥቅምት 13 ይደርስዎታል። የማጓጓዣውን ወጪ በሙሉ እኛ እንችላለን› ነው ያልኩት። ቢቸናም እኮ አልሄዱም።»