በስሜ የጻፈልኝ ሰው

ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ስድስት ሕንፃዎች በሚያስተዳድር ቢሮ የዳይሬክተሯ ረዳት ነኝ። ለእሷ የሚጻፈውን ኢሜይል ሁሉ መጀመሪያ የምከፍተው እኔ ነኝ። ከሚጽፉት ሰዎች ብዙዎቹ ግን እንደ ሰው አይቆጥሩኝም፤ "ለአለቃሽ አስተላልፊ" ብለው ያልፉኛል። ከስሜ ሐበሻ መሆኔን ያወቁት ደግሞ በአማርኛ "እህቴ፣ አደራሽን" ይሉኛል። ሁለቱም እኩል ያናድዱኛል።

ባለፈው ወር ዘርይሁን የሚባል የጽዳት ድርጅት ባለቤት አጭር ኢሜይል በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። "ወይዘሪት ናዝራዊት፣ የጽዳት ውላችሁ በቅርቡ እንደሚያበቃ ሰማሁ። የሚወስኑት ዳይሬክተሯ ከሆኑ አስራ አምስት ደቂቃ እንዲሰጡኝ እፈልጋለሁ፤ ካልሆኑ ለማን ልጻፍ? ማክሰኞ ወይስ ሐሙስ እንደሚሻል እርስዎ ያውቃሉ።" ከሥሩ አንድ ገጽ አያይዟል፤ የሚያጸዳቸው ሦስት ሕንፃዎችና የኃላፊዎቻቸው ስልክ ተዘርዝረውበታል።

ሦስቱንም ኃላፊዎች ኮል አደረግኳቸው። ሦስቱም አመሰገኑት። ገጹን አትሜ ለአለቃዬ ሰጠኋት።

ስሙን አይታ "ዘመድሽ ነው?" አለችኝ።

"አላውቀውም። ያጣራሁት ሥራውን ነው።"

ገጹን ጨርሳ አነበበችና "ሐሙስ ይምጣ" አለች።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ በእንግሊዝኛ ስማቸውን ነገሩኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ዘርይሁን? ይግቡ፣ እየጠበቁዎት ነው" አልኳቸው በአማርኛ።

አለቃዬ በሯን ከፍታ ታየን ነበር። "አላውቀውም ብለሽኝ አልነበር?"

"አሁን አወቅኳቸው" አልኳት።