ሞቅ ያለ ብርሃን፣ ንጹህ አንሶላ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቁጥቧ» ይሏታል፤ ስታወራ ቃል ትሰስታለችና። የሚያስቀው ነገር የምትተዳደረው ቃል በመጻፍ መሆኑ ነው። የምትሠራው ሰዎች ሆቴል በሚይዙበት አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ነው፤ ሥራዋ ደግሞ ምስል ለሚሠራ ፕሮግራም ትእዛዝ መጻፍ። ፕሮምፕት ይሉታል። እሷ ክፍሉን በቃላት ትነግረዋለች፤ ፕሮግራሙ ጥቂት ቆይቶ ማንም አድሮበት የማያውቅ ክፍል ሠርቶ ያቀርብላታል።

አንድ ሰኞ አለቃዋ ስድሳ ምስል አዘዛት፦ ግማሹ የመኝታ ክፍል፣ ግማሹ የሎቢ። የድረ ገጹ መግቢያ ላይና «ለቤተሰብ»፣ «ለሥራ ጉዞ» በሚሉት ገጾች አናት ላይ የሚውሉ ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ እንዳይጎድል አለ፤ ብርሃኑ ሞቅ ያለ ይሁን፣ ክፍሉ ሲያዩት ንጹህ ይሁን። ለእሱ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ለቁጥቧ ግን ሳምንቱን ሙሉ ራስ ምታት ሆነባት። «ሞቅ ያለ ብርሃን» ብላ ስትጽፍ ክፍሉ በሙሉ ቢጫ ይለብሳል፤ አንሶላውም ዓመት ሙሉ ያልታጠበ ይመስላል። «እድፍ የሌለበት አንሶላ» ብላ ስታክልበት ጭራሽ እድፍ አመጣባት፤ ፕሮግራሙ «የሌለበት» የሚለውን ዘሎ «እድፍ» የሚለውን ይዞ ቁጭ ይላል። ተናዳ «እጅግ በጣም ንጹህ፣ ነጭ» ስትለው ደግሞ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሰጣት።

እሑድ ኮምፒውተሯን ይዛ አክስቷ ቤት ሄደች። አክስቷ የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ አንዲት ባለ ሃያ ሁለት ክፍል ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ኃላፊ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ምስሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ቢጫው ላይ ስትደርስ፣ ይኼን አንሶላ ያጠበው ሰው እኔ ዘንድ አንድ ቀን አይውልም አለች።

«እሺ እትዬ፣ ንጹህ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለች ቁጥቧ።

«እንግዳ ንጹህ የሚለውን ቃል አያይም፣ ልጄ። ሲገባ መጀመሪያ ትራሱን ያያል። ከዚያ ሻወር ቤት ገብቶ ቧንቧውን ያያል፤ ቧንቧው ላይ የውሃ ጠብታ ደርቆ ካየ የቀረውንም አያምንሽም።»

ከዚያ በኋላ አክስት እያወራች እህት ልጅ ስትጽፍ ሁለት ሰዓት ሄደ። አንሶላው ጥግ ጥጉ ላይ ተወጥሮ ፍራሹ ሥር መግባት አለበት። የትራሱ ልብስ አፍ እንደ ፖስታ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ከበሩ በተቃራኒ ይዞራል፤ ይህን አክስቷ ራሷ ለሠራተኞቿ ያስተማረችው ነው፣ ከሌላ ሆቴል ሲመጡ ማንም አያውቀውም። ፎጣ ሁለት፣ እኩል ታጥፎ። ምንጣፉ ላይ የቫኪዩም መጥረጊያው መስመር ይታይ። ሎቢው ውስጥ የመቀበያው ጠረጴዛ ላይ ከእስክሪብቶና ከደወል በቀር ምንም አይቀመጥ፤ ወለሉ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ተንጸባርቆ ይታይ። ስለ መብራቱም፣ ለእንግዳ ክፍል ሲያሳዩ መጋረጃውን ከፍተው የራስጌውን መብራት እንደሚያበሩ፣ የጣሪያውን ግን እንደማይነኩት ነገረቻት።

ቁልፉ እሱ ነበር። ቁጥቧ በማግስቱ ብርሃኑን ለሁለት ከፈለችው፦ ከግራ መስኮት የሚገባ የረፋድ ብርሃን አልጋው ላይ ያርፋል፣ ነጩም ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሞቅ ያለው ብርሃን ከኋላ ካለው የራስጌ መብራት ብቻ ይወጣል። «ንጹህ» የሚለውን ቃል ጨርሳ ጣለችው። በምትኩ የሚታየውን ብቻ ጻፈች፤ የተወጠረ አንሶላ፣ የታጠፈ ትራስ፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ። ሁሉም እንደታዘዘው አልወጣም። የትራሱ እጥፋት ከሃያ ሙከራ በሦስቱ ብቻ ተሳካ፤ አንዱ ምስል ላይ በሩ እጀታ አልነበረውም፣ ሌላው ላይ መብራቱ አየር ላይ ቆሟል። እነዚያን ጥላ የተረፉትን ላከች። ግርጌያቸው ላይ «ምሳሌያዊ ምስል» የሚል በትንሹ ተጽፎባቸው ገጹ ላይ ወጡ። አለቃዋም ስብሰባ ላይ በስሟ ጠርቶ አመሰገናት።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ወር ሳይሞላ አለቃው ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። አሥራ ስምንት ትንንሽ ሆቴሎች ፎቷቸው ጨለማ ነው፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ፎቶ የላቸውም፤ ስለዚህ ማንም አይዛቸውም። የራሳቸውን እስኪልኩ ድረስ ከእሷ ምስሎች እንምረጥላቸው አለ። ጽሑፉስ፣ «ምሳሌያዊ» የሚለው፣ ብላ ጠየቀችው። ለጊዜው ስለሆነ አያስፈልግም አላት። ቁጥቧ ትንሽ ቅር አላት፤ ግን አልተከራከረችም። ዝርዝሩን ስታየው ደግሞ የአክስቷ ሆቴል አምስተኛው ላይ አለ። ያን ጊዜ ቅሬታዋ ጥሏት ጠፋ። የአክስቷን ውለታ የምትመልስበት አጋጣሚ መሰላት፤ ከሁሉ የሚያምረውን ሎቢ፣ ከሁሉ የሚያምረውን ክፍልና ሻወር ቤት ለሆቴሉ መረጠችለት። ለአክስቷ አልነገረቻትም፤ እንግዳው ሲበዛ ራሷ ታየው ብላ ነው።

እንግዳውስ በዝቷል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ረቡዕ ቀን አክስቷ ደወለችና ከሥራ ስትወጪ ሆቴሉ ጋ ብቅ በይ አለቻት። ድምጿ እንደወትሮው አልነበረም።

ቁጥቧ ስትደርስ አክስቷን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ የታጠፈ አንሶላ ክምር አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገረቻት። ጠዋት አንድ ሰው አሮጊት እናቱን ይዞ መጣ። እናቲቱ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሰውየው ክፍሉን የያዘው ፎቶውን አይቶ ነው፦ ሎቢው ደረጃ የለውም፣ ከመቀበያው ጀርባ የሊፍት በር ይታያል፣ ሻወሩ ከወለሉ እኩል ነው። ሆቴሉ ግን መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለው፤ ሊፍት የለውም፤ ሻወሩ ጉልበት ድረስ ከፍ ያለ ገንዳ ውስጥ ነው። እናቲቱ በር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ሰውየው ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ተከራክሮ ሲጨርስ ወደ አክስቷ ዞረ። አልጮኸም። ክፍሉን አየ፣ አንሶላውን በሁለት ጣቱ አነሳና፣ ፎቷችሁ ውሸት ከሆነ ይኼስ መታጠቡን በምን አውቃለሁ አላት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣» አለች አክስቷ፣ «ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።»

አክስቷ ስልኳን አውጥታ የሆቴሉን ገጽ አሳየቻት። ምስሉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፤ ትራሱ ላይ አቆመችው።

«ይቺ የኔ እጥፋት ናት። ሌላ ቦታ አትታጠፍም። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ለምን ብላ አልጠየቀቻትም። ይህ ለቁጥቧ ከስድብ የባሰ ነበር። እንዲጠቅምሽ ብዬ ነው ማለት ፈለገች፤ አፏ ላይ ደርሶ ውሸትም ባይሆን ማመካኛ መሰለባትና ዋጠችው። ሰዎቹ የት እንደደረሱ ብቻ ጠየቀች። አክስቷ ሦስት ሆቴል ደውላ፣ ሊፍት ያለበት አግኝታ፣ ራሷ ታክሲ ውስጥ አስገብታቸው ነበር።

ያን ሌሊት ቁጥቧ ብዙ አልተኛችም። ጠዋት አለቃዋ ቡናውን ሳይጨርስ ፊቱ ቆመች። ከአሥራ ስምንቱ ሆቴሎች የመጡትን ቅሬታዎች አትማ ነበር፤ ሰባት ናቸው። አንዱ መዋኛ ገንዳ ፈልጎ አጥቷል፣ አንዷ በመስኮቱ ባሕር ይታየኛል ብላ መጥታ ግድግዳ ገጥሟታል። ገንዳውንም ባሕሩንም እሷ አላዘዘችም፤ ፕሮግራሙ ቦታ ሲያገኝ ከራሱ የጨመራቸው ናቸው። ቀጥላ የድርጅቱን የራሱን ደንብ አሳየችው፦ በሆቴል ገጽ ላይ የሚወጣ ፎቶ የዚያው ሆቴል መሆን አለበት ይላል።

አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። ቅሬታዎቹን ሁለት ጊዜ አነበባቸው። ምስሎቹን እናውርድና በቦታቸው ባዶ ግራጫ ሣጥን ይቀመጥ ትይኛለሽ ወይ አላት።

«ፕሮምፕቶቹን ለሆቴሎቹ እንላክላቸው፣» አለች ቁጥቧ። «ማሽኑን ያዘዝኩትን ነገር ሰውንም ማዘዝ ይቻላል። መጋረጃ ክፈቱ፣ የራስጌውን መብራት አብሩ፣ የጣሪያውን አጥፉ፣ ፎጣውን እጠፉ። ስልክ ሁሉም አለው።»

አለቃው ይህን ያህል ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። ምስሎቹ በዚያው ቀን ወረዱ፤ ለተጭበረበሩት እንግዶችም ይቅርታ ተጻፈላቸው፣ ገንዘባቸውም ተመለሰ። ለሆቴሎቹ ፕሮምፕቶቹ ተልከውላቸው የራሳቸውን ፎቶ እንዲያነሱ ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው።

የአክስቷን ሆቴል ራሷ ፎቶ ልታነሳ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄደች። አክስቷ ተቀበለቻት፤ ብዙ ግን አላወራቻትም፣ ሥራ ሥራውን ብቻ። ክፍል ሰባት መጋረጃው ሲከፈት ብርሃኑ አልጋው ላይ አረፈ። የራስጌዎቹ አምፖሎች ግን አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ ነበር፤ ከጎረቤት ክፍል ቢጫ አምጥተው እኩል አደረጓቸው። ቁጥቧ ስልኩን በደረቷ ልክ ይዛ ከጥግ አነሳች፤ ክፍሉን ያለልኩ የሚያሰፋውን ሌንስ ተወችው። አክስቷ ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ ወልውላ ዘወር አለችላት። ምንጣፉ አንድ ጥጉ ላይ ተልጧል፤ እሱንም ፎቶ አነሳችው።

ሎቢ ሲደርሱ የሆቴሉ ባለቤት ወረዱ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋ። ደረጃውን እንኳ ተይው ልጄ፣ ከውስጥ ጀምረሽ አንሺ አሏት። ቁጥቧ ስልኩን ዝቅ አድርጋ አክስቷን አየች።

«ጌታዬ፣ በር ላይ ቆሜ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፣» አለች አክስቷ። «ደረጃው ይውጣ።»

ባለቤቱ ደረጃውን አዩት፣ እሷን አዩ፤ ከዚያም ራሳቸው ጎንበስ ብለው የእግር መጥረጊያውን አስተካከሉ። ደረጃው የመጀመሪያው ፎቶ ሆነ።

ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አንዱ ፎቶ ላኩ፤ አራቱ ደህና ነበሩ፣ የቀሩትን ቁጥቧ እየደወለች በድጋሚ አስነሳቻቸው። ሰባቱ እስካሁን ግራጫ ሣጥን ናቸው። የአክስቷ ሆቴል በሐሰተኞቹ ምስሎች ሳምንታት ካገኘው እንግዳ ሲሶው ቀነሰ፤ ከበፊቱ ግን ይሻላል። የሚመጣውም በር ላይ አይከራከርም።

አክስቷ ግን ቶሎ አልተመለሰችላትም። አምስት እሑድ ቁጥቧ እየሄደች ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ስለ ሥራ ሲነሳ አክስቷ ተነስታ ሌላ ነገር ትይዛለች። በስድስተኛው እሑድ ቁጥቧ የሆቴል ቁርስ ክፍል ምስሎች ታዝዛ፣ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ የተተዉ እየመሰሉ አስቸግረዋት ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አክስቷ ከሩቅ አየችው።

«የየትኛው ሆቴል ነው?»

«የማንም አይደለም። ለመግቢያው ገጽ ነው። ምሳሌያዊ ምስል ተብሎ ይጻፍበታል።»

አክስቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መነጽሯን አደረገች።

«ብርጭቆዎቹን ገልብጪያቸው፣» አለቻት። «የተገለበጠ ብርጭቆ እንግዳ ይጠብቃል።»