የካሳ ክፍል እናት

በመድን ድርጅቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሁሉም "እናታችን" ይሏታል። የካሳ ክፍል ምክትል ኃላፊ ናት። መኪናው የተጋጨበት፣ ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ሁሉ እየተቆጣ ወይም እያለቀሰ ሲመጣ ወደ እሷ ጠረጴዛ ይላካል። ታስቀምጠዋለች፣ ውሃ ታስመጣለታለች፣ እስኪጨርስ ታዳምጠዋለች፤ ከዚያ ምን ማስረጃ እንደጎደለው በለሰለሰ አንደበት ትነግረዋለች።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ክፍት ሆኖ ከረመ። እስኪሞላ ድረስ በተጠባባቂነት እንድትመራ ደብዳቤ ተሰጣት። የኃላፊውን ሥራ ከራሷ ሥራ ላይ ደርባ ሠራች። የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ባልደረቦቿ "አይ፣ ይሄ እንኳ ለወጉ ነው፤ ቦታው ያንቺ ነው" እያሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። እሷም አመነች። ለማንም የበላይ "ይህን ቦታ እፈልገዋለሁ" ብላ አላወራችም። ሥራዬ ይናገራል አለች።

ውድድሩ በአራት ነገር ይመዘን ነበር፤ በትምህርት፣ በልምድ፣ በሥራ አፈጻጸም ውጤትና በቃለ መጠይቅ። በሦስቱ ማንም አልደረሰባትም። ቃለ መጠይቁ ግን ከፍተኛውን ነጥብ የያዘ ነበር፤ እሱን የሚሰጡት ደግሞ ሦስት አለቆች ናቸው። ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው "ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ክፍል የት ታይዋለሽ?" አሏት። እሷ ስለተከማቹት ፋይሎች፣ ስለ ጋራዦች የተጋነነ ዋጋ፣ ስለ ጎደሉት የጉዳት ገማቾች ተናገረች። እውነቷን ነው። ግን የተናገረችው ሁሉ ስለዛሬ ነበር።

ከእሷ ጋር የተወዳደረው ወጣት የተቀጠረ ጊዜ የአደጋ ፎቶ እንዴት እንደሚነበብ፣ የውል አንቀጽ እንዴት እንደሚተረጎም ያስተማረችው ልጅ ነው። እሱ ደንበኛው በስልኩ ፎቶ ልኮ ካሳ የሚጠይቅበትን አሠራር በሥዕል አዘጋጅቶ ገባ። በዚያ ላይ ለወራት ከምክትል ሥራ አስኪያጁ ጋር በኮሚቴ ሲሠራ ነበር። አለቆቹ ያውቁታል። እሷን የሚያውቋት ችግር ሲፈጠር ነው።

ውጤቱ የተነገረው በስብሰባ አዳራሽ፣ በሁሉም ፊት ነው። የልጁ ስም ሲጠራ ጭብጨባው ፈነዳ። እሷም አጨበጨበች፤ እጇ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተሰማት። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ይባስ ብሎ "እናታችንስ? እስቲ ምርቃት ቢጤ!" አላት። ተነስታ መረቀች። ምን እንዳለች ግን በኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም።

በማግስቱ የሰው ኃይል ክፍል ሌላ ደብዳቤ ሰጣት። አዲሱን ኃላፊ ሥራ እንድታለማምድ።

እቤት ስትገባ አስተማሪው ባሏ የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። ቀና አለና ፊቷን አይቶ ገባው።

"ለማን ሰጡት?"

"ለልጁ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ታገሺ እንግዲህ። ሰው ዝም ብሎ አይቀርም፤ ተራሽ ይመጣል።"

"እሱ ጡረታ ሲወጣ እኔ ተቀብሬአለሁ" አለችና ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረች።

ታላቅ እህቷን "እቴቴ" ትላታለች፤ ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜ ወደ ስፌት ቤቷ ሄዳ ሁሉን ዘከዘከችላት። እቴቴ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም አዳመጠችና በመጨረሻ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

"ቆይ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሠርግ መዋጮ የሚሰበስበው ማነው?"

"እኔ።"

"ለቅሶ ሲሆንስ?"

"እኔ ነኝ።"

"አዲስ ሰው የሚያስተምር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የዓመት ፈቃድ ተራ የሚያወጣ?"

"እቴቴ፣ ምን ልትዪ ነው?"

"በነጥብ ቆጠሩልሽ ወይ?"

የአፈጻጸም መመዘኛው ላይ አንዱም አልነበረም።

"አንቺ ለእነሱ ጥሩ ምሰሶ ነሽ" አለች እቴቴ ክሩን እየበጠሰች። "ምሰሶ ደግሞ ከቦታው አይነሳም፤ ቤቱ ይናዳላ!"

ሰኞ ምክትል ሥራ አስኪያጁን ለማነጋገር ቀጠሮ ያዘች። ሳትቆጣ እንድትጠይቅ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

"የጎደለኝን ይንገሩኝ፤ ለሚቀጥለው ልዘጋጅ" አለችው።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። "ምንም አልጎደለሽም! ማለቴ... ሰፋ ያለ እይታ። የመሪነት ግርማ።"

"ግርማ ማለት በሥራ ሲታይ ምንድን ነው?"

ትንሽ አፈረ። "እውነቱን ልንገርሽ? አንቺን ከዚያ ጠረጴዛ ካነሳን ሥራውን ማን ይይዘዋል? ልጁን ብናነሳው ግን ምንም አይጎድልም። ደግሞ አንድም ቀን እፈልጋለሁ አላልሽኝም። እሱ ዓመት ሙሉ ሲወተውተኝ ነበር።"

ከቢሮው ስትወጣ ነገሩ ገባት። ጎበዝ ባትሆን ኖሮ ትሾም ነበር ማለት ነው። ይሄ ሳያንስ ግማሹ ጥፋት የራሷ ነበር፤ አልጠየቀችም። ሰውየውን ሙሉ ለሙሉ ብትጠላው ኖሮ ይቀላት ነበር።

ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመለከተች። "እስከ መጨረሻው ከጎንሽ ነን" ያሏት ባልደረቦቿ ምስክር ሲፈለግ አንዱ ስብሰባ፣ አንዱ ጉንፋን ያዘው። ኮሚቴው ማስታወቂያው በወቅቱ መውጣቱን፣ ሦስቱ ጠያቂዎች ለየብቻ ነጥብ መስጠታቸውን አጣራና ሥርዓቱ ተጠብቋል አለ። ውሸት አልነበረም። ሥርዓቱ ተጠብቆ ነው ያለፏት።

ከዚያ በኋላ ያልተመደበላትን ሥራ አቆመች። መዋጮ ሲመጣ "ሌላ ሰው ይያዘው" አለች። የተጣሉ ሲመጡ ወደ አዲሱ ኃላፊ ላከቻቸው። በሳምንቱ ሹክሹክታ ተጀመረ፤ "እናታችን እኮ ተቀየረች"፣ "ምቀኝነት ክፉ ነው።" ሻይ ክፍል ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ሃያ ዓመት ያጠራቀመችው ፍቅር እንደ ጧት ጤዛ ረገፈ።

ሌላ ቦታ ለማመልከት የሥራ ታሪኳን ልትጽፍ ተቀመጠች። የምትጽፈው ሁሉ "ተባብሬያለሁ"፣ "አግዣለሁ"፣ "ሸፍኛለሁ" ሆነባት። ልጇ ከጀርባዋ ቆማ አነበበችና "እማ፣ ይሄ እኮ የአንቺ ሳይሆን የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል" አለቻት። ደንግጣ እንደገና ጀመረች። የትኛውን ሥራ እሷ ወሰነች? ምን ተለወጠ? ከብዙ መሰረዝ በኋላ ጥቂት መስመሮች ቀሩ፤ እነዚያ ግን የእሷ ነበሩ።

በዚያው ወረቀት ተፎካካሪ መድን ድርጅት አመለከተች። እዚያ ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ሠራተኛ ትሁት ነበር። "ለኃላፊነት፣ ኃላፊ ሆነው አያውቁም። ለባለሙያነት ደግሞ ልምድዎ ይበዛል፤ እዚህ ቢሰለቹስ?" አላት። ለአንዱ በር አጠረች፣ ለሌላው ረዘመች። እየሳቀች ወጣች፤ ደረጃው ላይ ግን ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ፤ ግድግዳ ይዛ ቆመች።

ቀድማ ከድርጅቱ የለቀቀች አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ለደንበኞች የመድን ውል የምታዋውልና ስለ ካሳቸው የምትከራከር ትንሽ ቢሮ ከፍታ ነበር። ሄዳ ጠየቀቻት። ጓደኛዋ አላባበለቻትም።

"ደመወዝሽ ይቀንሳል። መኪና የለም። ማዕረግ የለም። ደሞም እስከዛሬ ከተቀመጥሽበት ጠረጴዛ ማዶ ነው የምትቀመጪው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የፈለግሽው ወንበሩን ነው ወይስ ሥራውን?"

"ወንበሩን" አለች ወዲያው። ከዚያ ጥቂት አሰበች። "ሥራውንም ሳልወድ አልቀርም።"

"እሱን አጣርተሽ ነይ።"

ለማጣራት ወራት ፈጀባት። ጠረጴዛዋ ላይ ሆና የቱ ሰዓት እንደሚፈጥንላት፣ የቱ እንደሚጎተትባት ለራሷ ታዘበች። ስብሰባ ይጎትታታል። የበጀት ወሬ ያንገሸግሻታል። ኃላፊ ብትሆን ቀኗ ያ ነበር! ቤት የፈረሰበት ሰው ፊቷ ተቀምጦ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ሲያገላብጡ ግን ምሳ ሰዓት ያልፋታል። ይህን ማወቋ አላስደሰታትም። የማትወደውን ወንበር ስለከለከሏት ይህን ያህል መቁሰሏ አናደዳት እንጂ። ቢሆንም መልቀቂያዋን አስገባች።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። "ከፍተኛ አማካሪ እናደርግሻለን፤ ደመወዙም ይሻሻላል።"

"ምን እወስናለሁ?"

"ታማክሪያለሻ!"

"የማይሰማኝ ቢኖርስ?"

ፈገግ አለ። "አመሰግናለሁ" አለችው። መልቀቂያዋን ግን አልሳበችም።

እሷ ከሄደች ክፍሉ ይፈርሳል ብላ ነበር፤ በልቧም ተመኝታው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ስልኳ አላርፍ አለ፤ የዚህ ሰው ፋይል የት ነው፣ ያኛው ደንበኛ ማነው። ከዚያ እየቀዘቀዘ መጣ፤ ከዚያ ጨርሶ ዝም። ሁለት ሰው ተቀጠረ፤ የእሷ ሥራ ለሁለት ተከፈለ፤ ክፍሉ ቀጠለ። ምሰሶ የመሰላት ነገር ለካ በቀላሉ የሚተካ ነበር። ያቺ ዝምታ ሹመቱን ከማጣቷ በላይ አመመቻት።

ደመወዟ ስለቀነሰ እቤትም ነገሩ ጠበቅ አለ። ባሏ የማታ ክፍል ማስተማር ጨመረ። አልወቀሳትም፤ ግን ደክሞት ሲገባ ደህና አደርሽ ደህና ዋልሽ ብቻ ሆነ ንግግራቸው።

በአዲሱ ሥራዋ፣ በጓደኛዋ ቢሮ፣ ከመጡት ደንበኞች አንዷ የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ነበረች። ዝናብ በጣለበት ሌሊት ሱቋ ውሃ ገብቶበት ዕቃዋ ሁሉ ተበላሸ። ውሏ የሚሸፍነው ከቧንቧ ፍንዳታ የሚመጣ ውሃ እንጂ ከመንገድ የሚገባ ጎርፍ አልነበረም። ሱቁ ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ ተገኝቶ ስለነበር እሱን ይዛ ተከራከረችላት፤ ጉዳዩም በቀድሞ ክፍሏ፣ በልጁ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ልጁ ተነስቶ ተቀበላቸው፤ ወንበር ራሱ ስቦ ሰጣቸው። ከዚያ የገማቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ ደረደረ።

"ጭቃውን ይዩት። ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ውሃው ከቧንቧ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ከጓዳ ወደ በር እየሳሳ በሄደ፤ ጭቃም ባልያዘ። ቧንቧው ተሰንጥቋል፤ እሱ ያበላሸውን የኋላ መደርደሪያ እንከፍላለን። የቀረው ግን ጎርፍ ነው።"

ፎቶውን ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት። አንድ ስህተት ፈለገች፤ አጣች። ልክ ነበር፤ ደግሞም ጨዋ ነበር፤ ሴቲቱ ስታለቅስ አላቻኮላትም። ለቦታው አይመጥንም እያለች ስንት ቀን ራሷን አጽናንታ ነበር! ያቺም መጽናኛ እዚያው ፈሰሰች።

ለመደርደሪያው የሚከፈለው እንዳይዘገይ አስፈረመችና ወጡ። በሚቀጥለው ውል የጎርፍ ሽፋን እንዴት እንደሚጨመር ደረጃውን እየወረዱ ለሴቲቱ አስረዳቻት። ሴቲቱ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ኋላ ዞራ ሕንጻውን አየችው።

"ድሮ እዚህ ነበሩ አሉኝ። ለምን ለቀቁ?"

ለሰው ሁሉ "ለውጥ ፈልጌ" ስትል ነበር የከረመችው።

"ሹመት ከለከሉኝ፤ አኮረፍኩ" አለቻት።

ሴቲቱ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "እሰይ! ማኩረፊያ ያለው ሰው ታድሏል። እኔ ማንን ላኩርፍ፣ ሰማዩን?"

የሴቲቱን እጅ ያዘችና መንገዱን አብረው ተሻገሩ።