ስም ያልተጻፈበት ዓምድ

የግንባታ ውል የሥራ ወሰን በመጻፍ ባሕር ዳር ውስጥ እኔን የሚያህል የለም ብዬ እኮራ ነበር። ኩራቴ ከክፉ ቀን የመጣ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሥራ ሸሪኬ ከክንዱ ጋር የአንድ ማረፊያ ቤት መታጠቢያ ክፍሎች አድሰን ስንጨርስ ባለቤቱ «የግቢው ንጣፍስ?» አለን። ስለ ንጣፍ ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም፤ አይካተትም ብሎ የጻፈም አልነበረም። ስምንት ወር በሽምግልና ተንገላትተን መጨረሻ ላይ ንጣፉን አነጠፍን። ክንዱ ያን ሰሞን ዓባይ ማዶ ያለችው ቢሯችን ውስጥ ቁጭ ብሎ «አገርነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምንሠራውን ብቻ ሳይሆን የማንሠራውንም ጻፊ። እውነት ነው ብለን የተነሣንበትንም ጻፊ» አለኝ።

ጻፍሁ። ያውም ጭንቅላታቸውን እስኪያማቸው ድረስ። አሠሪዎች «አንቺ ደግሞ ከመጋባታችን በፊት ስለ ፍቺ ታወሪያለሽ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ያሹፉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረንም።

ሐጂ ሸረፈዲን የመጡት ባለፈው ታኅሣሥ ነው። እህል ነጋዴ ናቸው። ከቆላ ድባ ገበያ የሚሰበስቡትን ጤፍና ሽንብራ በመኪና ያመጡት ነበር፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ሲሆንባቸው ከሰሜኑ የሐይቁ ዳርቻ በጀልባ መጫን ጀመሩ። ጭቃው ላይ እህል የሞላ ማዳበሪያ ተሸክሞ ጀልባ መውጣት መከራ ስለሆነ፣ ከዚያው ዳርቻ ወደ ውሃው የሚገባ የኮንክሪት መድረክ እንድንሠራላቸው ፈለጉ። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ዘይነት ነበረች። ዳርቻው ላይ ያለውን መጋዘን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳትጠየቅ የማትናገር፣ ስትናገር ግን ነገሩ ላይ ጣቷን የምታሳርፍ።

ረቂቁን አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። የሚሠራው፦ ርዝመቱ ሃያ አራት፣ ወርዱ ሦስት ሜትር የሆነ መድረክ፣ ደረጃ፣ የጀልባ ማሰሪያ ምሰሶዎች። ከዚያ ያልተካተቱት። እነዚህን በሰንጠረዥ ነው የምጽፋቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን «የሚሠራው» እና «እስከ መቼ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። አንድን ሥራ የእኛ አይደለም ማለት ብቻ አይበቃም፤ የማን እንደሆነ ካልታወቀ የማንም አይሆንም። ይህን አውቅ ነበር። ይህን ለሌላ ሰው አስተምር ነበር!

መብራቱ፣ የመጋዘኑ መንገድና ፈቃዱ ስም ተጻፈላቸው። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የመድረኩ ጠርዝ ላይ የሚቆመው የብረት አጥር ነው፤ ሐጂ ተሸካሚዎቹን ያሰናክላል፣ የሚነሣና የሚመለስ አድርጎ የራሴ በያጅ ይሠራዋል ብለው ከሥራችን አስወጥተውታል። ሌላው እንቦጭ ነው። ዛሬ ያጸዱት አረም ነገ በነፋስ ተገፍቶ ስለሚመጣ እሱን እንጠርጋለን ብሎ የሚፈርም ተቋራጭ የለም።

ዘይነት ጣቷን ሰንጠረዡ ላይ አሳረፈች። «እነዚህስ የማን ናቸው? ባዶ ነው እኮ።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «ሐጂ ሸረፈዲን፣ እስከ ነሐሴ ሠላሳ» ብዬ ልጽፍ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ ሐጂ። ይስቃሉ፤ ዓይናቸው ግን አይስቅም። «አርባ ዓመት በቃሌ ብቻ ስነግድ ኖርሁ። ዛሬ ደጅህን ጥረግ ተብሎ ቀን ተቆርጦ ይጻፍብኝ?»

የአባቴ እኩያ ናቸው። በዚያ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ስለ እናቴ ጤና ጠይቀውኛል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ላይ የቀን ገደብ መጻፍ ፊት ላይ እንደ መትፋት ሆኖ ታየኝ። የእስክሪብቶውን ክዳን መለስሁት።

«ግዴለም፣ የታወቀ ነው» አልሁ።

ዘይነት አየችኝ። ጣቷን ከሰንጠረዡ ላይ አነሣች። ተፈራረምን።

ሥራው ጥሩ ሄደ። ሁለት የሙከራ ጉድጓድ ቆፍረን ጠንካራው መሬት አራት ሜትር ላይ ይገኛል ብለን ተነሥተን ነበር፤ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ግን ስድስት ሜትር ወርደንም ጭቃ ነው። የድሮው ጊዜ ቢሆን ጩኸት ነበር። ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው፦ ከአራት ሜትር ከጠለቀ ሥራው ይቆማል፣ ተጨማሪው ጊዜና ዋጋ በጽሑፍ ስምምነት ሲደረስበት ይቀጥላል። ሐጂ አንብበው በማግሥቱ ፈረሙ። «ወረቀትሽ ከዳኛ ይሻላል» አሉኝ። ክንዱም ብዕርሽ ይባረክ አለኝ። ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው የሚያመኝ ያ ደስታዬ ነው።

በግንቦት አስረከብን። ሐይቁ ጎድሎ መድረኩ ከውሃው ከሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ዘይነት ጠርዙ ላይ ቆማ ወደ ታች አየችና «አባቴ በያጁን ገና አልጠራውም። አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል» አለችኝ።

«እሱ እኮ ከእኛ ወሰን ውጭ ነው፣ ዘይነት» አልሁና ሳቅሁ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገርሁት፤ ልክ ደግሞ ነበርሁ።

ክረምቱ ሐይቁን ሞላው። በጥቅምት መጀመሪያ የደወለልኝ የሐጂ ጀልባ ነጂ ገድሉ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። ሌሊቱን ነፋሱ እንቦጩን ገፍቶ አምጥቶ መድረኩን ከሦስት ወገን ከቦታል፤ ውሃው ከፍ ከማለቱ የተነሣ አረሙ ከኮንክሪቱ ጋር እኩል ሆኗል። ኮንክሪቱ ራሱ በአረም ቅጠልና በጭቃ ተሸፍኗል። ጠዋት ጀልባዋ ስትጠጋ ዘይነት ገመድ ልትቀበል ወጣች። ጠርዙ ላይ አጥር አልቆመም፤ መድረኩ ያለቀበትን አላየችም። አረንጓዴው ላይ ረገጠች።

«ዋና ብትችልም አያወጣትም ነበር፣ እቴ። ሥሩ ይጠመጠማል። ገጀራ ይዤ ገባሁ፤ እኔም አልደረስሁባት» አለኝና አለቀሰ።

ቢሮ ስገባ ክንዱ ፋይሉን አውጥቶ ገልጦታል። «ሁለቱም አልተካተቱም ይላል። ማንም ምንም አይለንም» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የማረፊያ ቤቱ ንጣፍ አስፈርቶት ነው። እኔ ግን ፋይሉን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። በጣም ጠላሁት፤ ከእሱ ይልቅ ግን ወረቀቱን።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድሁ። ሐጂ ግድግዳ ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» አልኋቸው። ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ወረቀቱን ይዘሻል?»

ይዤው ነበር። ለምን እንደያዝሁት አላውቅም።

«መነጽሬን አላደረግሁም። አጥሩና እንቦጩ ያለበትን አንብቢልኝ።»

«ያልተካተቱ ሥራዎች» ብዬ አነበብሁ። «የጠርዝ አጥር። እንቦጭ ማጽዳት።»

«ከጎኑስ? የሚሠራውስ?»

«ባዶ ነው፣ ሐጂ።»

«ለምን ባዶ ሆነ?»

መዋሸት እችል ነበር። የታወቀ ስለሆነ ነው ብል ያምኑኝ ነበር። «የእርስዎን ስም ልጽፍ ነበር። እንዳይቀየሙኝ ብዬ ተውሁት» አልሁ።

የሚያጽናናቸው ሰው መጣ፣ ጨበጣቸው፣ ሄደ። ሐጂ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በባዶው ቦታ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ብትጽፊው እቀየምሽ ነበር» አሉ። «ተቀይሜም እሠራው ነበር።»