የአብኔር አንድ ነጥብ ዜሮ

አብኔር ባለፈው ሴሚስተር ስሜን ከቡድን ሥራችን ሽፋን ላይ አወጣው። ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእሱ ድርሻ ማሳተም ብቻ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቀው ጓደኞቹ ፊት ሳቀብኝና «ቦታ ጠበበ፣ ሐኒዬ» አለኝ። እሱ ኤ አገኘ፣ እኔ ኤፍ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ የሳቀብኝንም አልረሳም።

ዘንድሮ ደግሞ የማርኬቲንግ ሪሰርች መምህራችን አስካል እኔንና እሱን ብቻ አንድ ላይ መደበችን። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ይህን ኮርስ ብወድቅ ግን ምረቃ የለም፤ ስለዚህ እሱን ስጥለው አብሬው እንዳልወድቅ መጠንቀቅ ነበረብኝ።

ጥያቄያችን ከጂንካ ወጣ ብላ ያለችው የአልዱባ ገበያተኛ ታሽጎ የሚሸጥ የቡና ገለባ ይገዛል ወይ የሚል ነበር። እዚያ ገለባው ተፈልቶ ይጠጣል። እኔ የአልዱባ ልጅ ነኝ፤ በገበያው ቀን ሃያ ወንድና ሃያ ሴት በበና ቋንቋ ጠየቅሁ። ወንዶቹ አብዛኞቹ «እንገዛለን» አሉ። ሴቶቹ ግን «ሳላሸተው? ሳልዳብሰው?» እያሉ ሳቁብኝ። አብኔር በሚቀጥለው ገበያ ሄዶ የራሱን አርባ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ወረቀቶቹን ሲያመጣቸው አቧራ የሚባል አልነካቸውም።

መረጃውን ኮምፒውተር ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። መምህሯ ባዘዘችው መሠረት እያንዳንዱ መልስ አጠገብ ማን እንደጠየቀ የሚለይ ኮድ አስቀመጥኩ፤ ከዚያም ጾታን ከምርጫ ጋር የሚያቋርጠውን ሠንጠረዥ ለየጠያቂው ለየብቻ አወጣሁ። በእኔ ሠንጠረዥ ከሃያ ወንዶች አሥራ አራቱ፣ ከሃያ ሴቶች አምስቱ ብቻ እንገዛለን ብለዋል፤ ግንኙነቱን የሚለካው ካይ ስኩዌር 8.12፣ ፒ ቫልዩ 0.004። በአብኔር ሠንጠረዥ ወንድ አሥር አዎ፣ አሥር አይ፤ ሴትም አሥር አዎ፣ አሥር አይ፤ ካይ ስኩዌር 0.000፣ ፒ ቫልዩ 1.000። ዕድሜን ከምርጫ ጋር ባቋርጠውም ያው ዜሮ ወጣ።

እዚሁ ጂንካ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ አንዴ አዎ፣ አንዴ አይ እያለ እንደሞላው ወዲያው ገባኝ። ሠንጠረዡን ለብቻው አተምኩለት።

«ትርጓሜውን ጻፊና ስጪኝ፣ እኔ አቀርበዋለሁ» አለኝ እንደ ልማዱ።

«የየራሳችንን እንጻፍ። የአንተ ሠንጠረዥ ይኸው።»

አየውና ፊቱ በራ። «አንድ ነጥብ ዜሮ! መቶ በመቶ ማለት ነው እኮ! ያንቺ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አራት? አንቺ ልጅ፣ ገበያ ሄደሽ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ያንተን ዕድል አላገኘሁማ» አልኩት። ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። ትክክሉን ልነግረው እችል ነበር፤ አፌ አልታዘዘኝም፤ ቢታዘዘኝም አልነግረውም ነበር።

በማቅረቢያው ቀን አብኔር በተተኮሰ ሸሚዝ ክፍሉ ፊት ቆመ። «ፒ ቫልዩ አንድ ስለሆነ ጾታና ምርጫ እጅግ የጠበቀ ግንኙነት አላቸው» ብሎ አነበበ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

መምህርት አስካል ብዕሯን አስቀመጠች። «አብኔር፣ ግንኙነት አለ የምንለው ፒ ቫልዩው ከዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ሲያንስ ነው። የሐና እንደዚያ ነው። ያንተ አንድ ነው፤ ምንም ግንኙነት አላሳየም።»

«ይቅርታ ቲቸር፣ ተምታቶብኝ ነው።»

«መምታታት ይታረማል። ካይ ስኩዌርህ ግን ዜሮ ነው። የቆጠርከው ቁጥር ግንኙነት ባይኖር ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር አንድም ሳይዛነፍ ገጠመ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሊያጋጥም ይችላል። በዕድሜም ገጠመ። የገበያ ሰው እንዲህ በልክ ይመልሳል?» አብኔር ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። «የበና ቋንቋ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ማን አስተረጎመልህ?»

ወደ እኔ ዞረ። ዐይኖቹ ይለምኑ ነበር። እኔ የሥራችንን ሽፋን አየሁ፤ የሁለታችንም ስም ሰፍቶ ተጽፎበታል።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ።

የእኔን ሥራ ለብቻው አረመችው። ለእሱ ዜሮ ሰጠችው፤ በሚቀጥለው የአልዱባ ገበያ አርባ ሰው ከእነአስተርጓሚው ጠይቆ ካልመጣ ዜሮው እንደሚጸና፣ ምረቃውም እንደሚቀር ነገረችው።

በገበያው ቀን ጠዋት አልዱባ ያሉ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ የወንድሜ ሞተር ላይ ከኋላው ተቀምጬ ስነሳ አብኔር ወረቀቶቹን ታቅፎ እየሮጠ ደረሰ።

«ሐኒዬ፣ መኪናው አመለጠኝ። ወንድምሽ ይዞኝ ይሂድ፣ አንቺም እዚያ አስተርጉሚልኝ። እባክሽ፣ በሞቴ!»

ወንድሜ ወደ ፊት ጠጋ አለ፤ ሞተሩ ላይ ሦስት ሰው መጫን ለእሱ አዲስ አይደለም። እኔ ግን ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውርጄ ከኋላዬ በተረፈው መቀመጫ ላይ አስቀመጥኩት።

«ቦታ ጠበበ፣ አብኔርዬ» አልኩት። «ሂድ» አልኩት ወንድሜን።