የብርቄ ሦስት ዓመት

ኤልሳቤጥ ሃያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምግብ ሳይንስ አስተምራ፣ ዕድሜዋ ሃምሳን ሲጠጋ ሽሮ ነጋዴ ሆነች። ዘመድ አዝማዱ አበደች አለ። እሷ ግን ለንግዱ ብቻ ብላ አልነበረም፤ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቷ ደጃፍ በየጠዋቱ እንጨት ተሸክመው ከተራራ የሚወርዱትን ሴቶች አይታ አይታ አላስችል ቢላት ነው። "ዳገት ሽሮ" የተባለውን ድርጅት ስታቋቁም በመመሥረቻ ጽሑፉ ሁለት ነገር አስገባች። አንደኛው፣ ከትርፉ አብዛኛው ሥራውን ለማስፋትና ሴቶቹን ለማሠልጠን ይውላል። ሁለተኛው፣ ከእንጨት ሸክም የመጣች ሴት ሦስት ዓመት ሠርታ፣ ሙያና ንግድ ተምራ፣ ቦታዋን ለቀጣይዋ ትለቃለች። የምትወጣው ሴት ነጭ ለብሳ ትመጣለች፤ ስትቆላበት የኖረችው ብረት ምጣድ ይሸለማታል፤ ባልደረቦቿም በእልልታ ይሸኟታል።

ሲሶውን ድርሻ የያዘው የባሏ ወንድም ሙሉቀን ነው። ዱቄት ፋብሪካ ያለው፣ ንግድን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው። ያንን ሁለተኛ አንቀጽ ሲያነብ እንባው እስኪመጣ ስቆ ነበር። "ሠራተኛ ገና ጎበዝ ሲሆን የሚያሰናብት ድርጅት አይቼ አላውቅም" አለና ፈረመ። ለምን እንደፈረመ ሲጠየቅ እስከ ዛሬ "ወንድሜን ፈርቼ" ይላል።

የሳቁ ጊዜ ያበቃው በኅዳር ነው። አንድ የአዲስ አበባ አከፋፋይ የዳገትን ሽሮ ቀመሰና፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አሁን የሚያመርቱትን አራት እጥፍ በየወሩ እንዲልኩለት ጠየቀ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ ጣዕሙ ከናሙናው ንቅንቅ እንዳይል። የናሙናውን አተር የቆላችው ደግሞ ብርቄ ነበረች። የብርቄ ሦስት ዓመት የሚሞላው በገና ነው።

ስለ ብርቄ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አተር እሳቱ ትንሽ ከጎደለው ሽሮው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ትንሽ ካለፈው ይመራል። ኤልሳቤጥ ለዚህ ብላ ውድ ቴርሞሜትር አስመጥታ ነበር። ብርቄ አገላብጣ አየችውና "ሸጋ ነው፤ ግን ጆሮ የለውም" ብላ መለሰችላት። እሷ የምትቆላው አተሩ ሲንጣጣ እየሰማች ነው። ኤልሳቤጥም ያ ጆሮ እንዳለ ተማምና፣ ሌላ የምትቆላ ሴት በወጉ ሳታሠለጥን ሦስት ዓመት አለፈ። አሠልጣኝ ነኝ የምትል ሴት፣ ለትእዛዝ ስትጣደፍ ማሠልጠኑን ዘነጋችው። ይህን ስታስበው ፊቷ ይቀላ ነበር።

"አንቀጹን እንለውጠው" አለ ሙሉቀን። "ሁለታችን ከፈረምን አለቀ። ብርቄን ተቆጣጣሪ አድርጊያት፣ ደመወዟን እጥፍ አድርጊላት። ይህ ትእዛዝ ካመለጠን የትኛዋን ሴት ልትረጂ ነው? በኪሳራ ማንም አይረዳም።"

"እሷ ከቀረች የሚቀጥለው ዓመት ሌላዋም ትቀራለች" አለች ኤልሳቤጥ። "ከዚያ እኛም እንደማንኛውም ሽሮ ቤት ነን።"

"እንደማንኛውም ሽሮ ቤት መሆን ምን ነውር አለው?"

ሙሉቀን የተናገረው እውነት ነበር፤ የእሷም እውነት ነበር፤ ሁለቱ እውነቶች ግን አንድ ወንበር ላይ አልቀመጥ አሉ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ በአራተኛው ቀን ማሻሻያውን ፈረመች፤ የሚመዘገበውና የሚጸናው ግን ከገና በኋላ ነበር። ከቢሮ ስትወጣ በሩ ላይ ወለተ ሚካኤል ቆማ ነበር። ወለተ ሚካኤል የብርቄን ቦታ ተረኛ ሆና አንድ ዓመት የጠበቀች፣ በየሰኞው እንጨቷን አራግፋ "ደረሰ ወይ?" የምትል ሴት ናት። ኤልሳቤጥ ዓይኗን ማየት አቅቷት ስልክ የተደወለላት መስላ አለፈች። ስልኩ ጠፍቶ ነበር።

ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጾሙ ሽሮን ከመደርደሪያ እየጠራረገ ባለበት ሰሞን፣ ግቢው ውስጥ ባጃጅ ገባ። ከውስጡ ብርቄ ነጭ በነጭ ለብሳ ወረደችና ኤልሳቤጥና ሙሉቀን ወዳሉበት ቢሮ ገባች።

"ምነው ብርቄ፣ ቀኑ መቼ ደረሰና?" አለች ኤልሳቤጥ።

"ምጣዴን ልውሰድ ብዬ ነው፣ እትዬ። ሥራ አይጠብቅም።"

ሙሉቀን ከወንበሩ ተነሳ። ስለ ተቆጣጣሪነቱ፣ ስለ እጥፉ ደመወዝ፣ ስለሚሸፈንላት ሕክምና ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረላት። ብርቄ በጨዋ ደንብ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ሙሉቀን። እኔ ግን ማክሰኝት ከተማ እህል ገበያው አጠገብ ቤት ተከራይቻለሁ። ንግድ ፈቃዴንም አውጥቻለሁ።"

የኤልሳቤጥ ልቧ ወረደ። ትእዛዙ ሲሄድ ታያት። ግን ከዚያው ከወረደው ልቧ ሥር አንድ ደስታ ብቅ አለ፤ ልትደብቀውም አልቻለችም። ከተራራ በእንጨት ጎብጣ የወረደችው ሴት ንግድ ፈቃድ አወጣች።

"የምን ንግድ?" አለ ሙሉቀን።

"የተቆላ ክክ። እናንተ አተሩን ከማክሰኝት ትገዛላችሁ። ድንጋዩንና ገለባውን ሳይቀር በማኪና ታመጣላችሁ፤ እዚህ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ፣ ከክታችሁ ግማሽ ቀን ታቃጥላላችሁ። እኔ እዚያው ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ ከክቼ ንጹሑን ብቻ ልላክላችሁ። እናንተ ቅመሙን ቀላቅሉና ፍጩ። ጣዕሙ የእኔ ነው፤ ንቅንቅ አይልም።"

ሙሉቀን ዋጋ ጠየቃት። ነገረችው። ደረቱን ይዞ ጮኸ። ቀንሺ አላት፤ አልቀነሰችም። ስለ ትራንስፖርቱ ስታሰላለት፣ ስለሚጣለው ገለባ ስታሰላለት፣ እህል ሲያስፈጭ የኖረው ሰው ላብ በላብ ሆነ። የገበያ ትምህርቱን ያስተማረቻት ኤልሳቤጥ ራሷ ናት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ። ተማሪዋ እንዲህ ጨካኝ ትወጣለች ብላ ግን አላሰበችም። ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ስንት ሴት ትቀጥሪያለሽ?" አለቻት በመጨረሻ።

"ስድስት።"

"ከእንጨት ተሸካሚዎቹ?"

ብርቄ ነጠላዋን አስተካከለች። "እትዬ፣ አይቀየሙኝና እኔ በጎ አድራጎት አልከፈትኩም። የምቀጥረው ጎበዟን ነው። ምስኪኗን እርስዎ ይውሰዱ። ደሞዝ ግን ከእርስዎ የበለጠ እከፍላለሁ፤ አለዚያ ጎበዝ አይመጣልኝም።"

ኤልሳቤጥ ቅር ይለኝ ይሆን ብላ ራሷን ጠበቀች፤ ቅሬታው አልመጣም። ሙሉቀን በበኩሉ ብርቄን እንደ አዲስ ያያት ጀመር። እንዲህ ያለ ሰው ሲፈልግ የኖረው በዘመዶቹ መሐል ነበር።

"ውሉን ጻፊው" አለ፣ ወደ ኤልሳቤጥ ሳይዞር። "ይቺ ሴት ሌላ ሽሮ ቤት ሳትሄድብን።"

ኤልሳቤጥ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ብዛቱን፣ ዋጋውን፣ የሚላክበትን ቀን፣ ጥራቱ ከናሙናው ቢወርድ የሚደረገውን ጻፈች። አንብባላት ስትጨርስ ብርቄ ጣቷን አነሳች።

"አንድ ነገር ቀርቷል። እዚህ ሦስት ዓመት ጨርሳ የምትወጣውን ሴት፣ ሌላ ሰው ሳያያት መጀመሪያ እኔ ልያት። የራሷን ልክፈት ካለች መንገዷን ጨርቅ ያድርግላት። ሥራ ከፈለገች ግን ወደ እኔ።"

"ምስኪኗን እርስዎ ይውሰዱ አላልሽኝም ነበር?" አለች ኤልሳቤጥ።

"አሁንም እላለሁ። ለጽድቅ መሰለዎት እንዴ? ሦስት ዓመት እርስዎ ያሠለጠኗትን ሴት እኔ ከየት አገኛለሁ? በራሴ ገንዘብ ላሠልጥን ብል ዓመቱ ሳይሞላ እከስራለሁ።" ከዚያ ወደ ሙሉቀን ዞር አለች። "አንቀጹን ልትለውጡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ አያ። እንዳትነኩት። እኔ የምነግደው በእሱ ነው።"